«ውኃውን» ከሚለው ቃል በኋላ

የመጨረሻው መስመር «ከዚያ ቀና ብሎ ውኃውን» ይላል። አራት ነጥብ የለውም፤ ግስም የለውም። ጓደኛዬ የልብ ወለዱን ዘጠነኛ ምዕራፍ እዚህ ላይ ነው ያቆመው። መብራት ሄዶበት ይሁን፣ ደክሞት ይሁን፣ ለእራት ተጠርቶ ይሁን የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው። ከ«ውኃውን» ቀጥሎ የተቀመጠውን ግስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ተመለከተ» ብዬ ጻፍኩ። የምናዘዘው ስለዚያች አንድ ቃልና እሷን ተከትለው ስለመጡት አሥራ አራት ገጾች ነው።

ነገሩ የጀመረው ሴት ልጁ ከባሕር ዳር የደወለችልኝ ቀን ነው። አባቷ ስምንት ምዕራፍ ጨርሶ ዘጠነኛውን ጀምሯል። አሥረኛውና የመጨረሻው ደግሞ ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል፤ መጨረሻውን መጀመሪያ ጽፎ ወደ እሱ መሄድ ልማዱ ነበር። ስለዚህ የጎደለው የዘጠነኛው ግማሽ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አንቱ ያውቁታል። አንቱ ይጨርሱልን» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ቡና ጠጥቻለሁ፤ ሃያውን ዓመት ደግሞ የሰው ጽሑፍ በማረም እንጀራዬን በልቻለሁ። ከእኔ የተሻለ ማን አለ ብዬ እሺ አልኳት። ማተሚያ ቤቱ ቀን ቆርጦ ስለነበር የተሰጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ነው። ጊዜው አጠረኝ ብዬ እንዳላመካኝ ሥራውን በአራት ቀን ጨርሼ አምስቱን ቀን ስኮራ ነው የከረምኩት።

ምዕራፉ የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። እሱ የሚጽፈው በአሮጌ ኮምፒውተር፣ ዛሬ ብዙ ሰው በማይጠቀምበት የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ነበር። ልጁ በሰው አስቀይራ፣ ቀድታ፣ መልእክት መጻፊያው ላይ ለጥፋ ላከችልኝ። ቃላቱ በሙሉ ደርሰውኛል። ያልደረሰኝ የአንቀጹ አከፋፈል ነው። በመቀየሩና በመለጠፉ መካከል የመስመር መዝጊያዎቹ በሙሉ ጠፍተው፣ አምስት ገጽ የሚሆነው ጽሑፍ አንድ ወጥ ግድግዳ ሆኖ መጣ። እኔም ግድግዳውን አይቼ «ገና ረቂቅ ነው» አልኩ። ዓረፍተ ነገሮቹ ደግሞ አጫጭር ናቸው። እነዚህ ማስታወሻ ናቸው፣ በኋላ ሊያያይዛቸው ነበር፣ ሞት ቀደመው ብዬ ደመደምኩ። አታሚው ያሳተማቸውን ሌሎች መጻሕፍቱን መደርደሪያዬ ላይ ይዤ፣ እጄን ዘርግቼ አንዱን ገልጬ እንኳ አላስተያየሁም። ስልቱን ያላለቀ ሥራ አደረግሁት።

የተወልኝ የመጨረሻው ገጽ ማብቂያ ይህ ነው። አያትየው ጣና ዳር ታንኳ ይሠራል፤ የልጅ ልጁ አጠገቡ ናት።

«ሽማግሌው ደንገሉን ያገላብጣል። ከላይ ደርቋል። ከሥር ገና ነው። አንዱን እስር አንሥቶ ያሸተዋል። ውኃ ውኃ ይላል። ይመልሰዋል። ልጅቱ ከዳር ቁማ ታየዋለች። ‹አባባ፣ አንቱ ዛሬም አይሻገሩም?› ትለዋለች። ዝም። ገመዱን ይፈታል። መልሶ ያስረዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ውኃውን»

እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ ቀጠልኩ፦

«ተመለከተ። ጣና በምሽቱ ብርሃን እንደ ብር ትሪ እያብረቀረቀ፣ በአድማስ ላይ የተዘሩትን ደሴቶች በጥላው አቅፎ፣ የሽማግሌውን የዘመናት ትዝታ በሆዱ ደብቆ የተኛ ግዙፍ ፍጡር ይመስል ነበር። በመሆኑም ልጅቷ ወደ ጀልባው በመጠጋት፣ ‹አባባ፣ እርስዎ ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሱትም አይደል?› በማለት በሐዘኔታ ጠየቀችው።»

አሁን ሳነበው ፊቴ ይቀላል። ያኔ ግን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ። «ያምራል» አለችኝ፤ ሳታጋንን የምታመሰግን ሴት ናት። ለብቻው ቢሆን መጥፎ ጽሑፍ ላይባልም ይችል ይሆናል። የሌላ ሰው ምዕራፍ ግማሽ መሆኑ ነው ያበላሸው።

ከትልቁ ልጀምር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ሲቆረጥ አድራጊው አለ፣ ተደራጊው አለ፣ ጊዜው ግን የለም። «ከዚያ ቀና ብሎ ውኃውን» የሚለው ሐረግ ትናንትም ሊሆን ይችላል፣ አሁንም ሊሆን ይችላል፣ ነገም ሊሆን ይችላል። «ብሎ» የራሱ ጊዜ የለውም፤ ከሚመጣው ግስ ይበደራል። ስለዚህ ጓደኛዬ ትቶልኝ የሄደው ባዶ ቦታ ትንሽ ይምሰል እንጂ የምዕራፉ ጊዜ የሚወሰንበት ቦታ ነበር። መልሱ ከላይ ባሉት አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ተቀምጧል። ያገላብጣል፣ ያሸተዋል፣ ይመልሰዋል፣ ታየዋለች፣ ይፈታል፣ ያስረዋል። እኔ ግን ታሪክ የሚተረከው በኃላፊ ጊዜ ነው የሚል ልማድ በጣቴ ጫፍ ስላለ፣ ሳላስበው «ተመለከተ» ብዬ ተሻገርኩ።

ጊዜን ማዛባት የሰዋስው ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጨሁ። ስምንቱን ምዕራፎች በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጓደኛዬ በሕይወት ያለውን ሁሉ «ያደርጋል» እያለ ነው የሚተርከው። «ነበር» የሚለው ቃል የሚመጣው በሐይቁ ስለሰጠመው ወንድም ሲነሣ ብቻ ነው። ወንድሙ ይዘፍን ነበር፣ ወንድሙ ቁማር ይወድ ነበር፣ ወንድሙ ታንኳ ላይ ቁሞ ይቀዝፍ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ኃላፊ ጊዜ የሙታን ነው። ይህን የትም ቦታ አላብራራውም፤ አንባቢ ግን ሳይነገረው ጆሮው ይለምደዋል። እኔ ዘጠነኛው ምዕራፍ መሐል ላይ ሽማግሌውን፣ ልጅቱን፣ ታንኳውን፣ ሐይቁን ሰብስቤ ወደ ሙታኑ መንደር አሻገርኳቸው።

መጽሐፉ ታትሞ ሦስት ወር ሳይሞላው አንድ አንባቢ ለልጁ ደወለላት። «ሽማግሌው ዘጠነኛው ላይ ሞተ አይደለም እንዴ? አሥረኛው ላይ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ለእኔ ደወለች። እኔ ሳቅሁ። የሞተበት ቦታ እኮ የለም፣ ሰውየው በጥሞና አላነበበም አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አከታትዬ አነበብኩ፤ ሰውየው ከእኔ በላይ አንብቧል።

ቀጥሎ የዓረፍተ ነገሩ እርምጃ አለ። ከላይ የጠቀስኩት የእሱ አንቀጽ አሥራ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ቃላቱ ሲቆጠሩ በጠቅላላው ሠላሳ ናቸው። የእኔ የጣና ዓረፍተ ነገር አንዱ ብቻውን ሃያ ሦስት ቃል ነው። እሱ አንድ ነገር ያያል፣ ይናገራል፣ ያርፋል። እኔ «እያብረቀረቀ፣ አቅፎ፣ ደብቆ» እያልኩ ቦዝ አንቀጽ በቦዝ አንቀጽ ላይ ደርድሬ አንባቢውን ትንፋሽ ነሳሁት። ይባስ ብሎ «ትዝታ»፣ «በሐዘኔታ» የሚሉ ቃላት አመጣሁ። እሱ ስሜትን በስሙ አይጠራም፤ ገመድ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ሐዘኑ እዚያ ውስጥ ነው።

በቃላቱ ምርጫ ደግሞ የመንደሩ ሰው ነው ያጋለጠኝ። ለሙት ዓመቱ ባሕር ዳር ሄጄ ከእሱ ወገን ከሆኑ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን የልጅ ልጃቸው አንብባላቸዋለች። «መልካም ነው» አሉኝ፤ ቀጥለው ደግሞ «ግን ደንገሉ ሳይደርቅ ጀልባ ከየት መጣ?» አሉ። ለእሳቸው ጀልባ ማለት ቱሪስት ጭኖ ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ባለሞተሩ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው፤ ውኃ ሲጠግብ ወጥቶ ጸሐይ ላይ የሚሰጣ፣ ሲያረጅ የሚጣል፣ እንደገና የሚሠራ። ጓደኛዬ በስምንት ምዕራፍ አንድ ጊዜ እንኳ ጀልባ አላለም፤ የሞተሩን ጀልባ እንኳ «ያ የሚጮኸው» እያለ ነው የሚያልፈው። እኔ ለምን ጀልባ አልኩ? ታንኳ ታንኳ እያሉ መደጋገም ይሰለቻል ብዬ ነው። ቃል አትደጋግም የሚለው የጋዜጣ ቤት ትእዛዝ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። እሱ ደግሞ ሆነ ብሎ የሚደጋግም ሰው ነበር።

«አንቱ»ን «እርስዎ» ማድረጌ ከሁሉ ያሳፍረኛል። ልጁ እኔን ራሴን በስልክ «አንቱ» እያለች ነው የለመነችኝ። በጆሮዬ የሰማሁትን በእጄ አልጻፍኩትም። አዲስ አበባ ውስጥ «አንቱ» ከተወዳጅ ሽማግሌዎች ጋር አብሮ ያረጀ ይመስለናል፤ እዚያ ግን ዛሬም የቤት ቃል ነው። የመንደር ልጅ አያቷን «እርስዎ» ስትል የባንክ ሠራተኛ ትመስላለች።

እስካሁን የተናገርኩት የጻፍኩትን ነው። የሚከብደኝ ያረምኩት ነው።

የቀጠልኩትን ጨርሼ ከስምንቱ ምዕራፎች ጋር ሳጋጥመው ስፌቱ ታየኝ። በእሱ በኩል «ቁማ»፣ «ሂዶ»፣ «ሁኖ» ይላል፤ በልጅቱ አፍ «በልቸ መጣሁ»፣ «ሂጀ አየሁት» ይላል። በእኔ በኩል «ቆማ»፣ «ሄዶ»፣ «ሆኖ»፣ «በልቼ»፣ «ሄጄ» ነው። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አሥራ አራቱን ገጽ ወደ እሱ መመለስ፣ ወይም መቶ ስድሳውን ገጽ ወደ እኔ ማምጣት። ሁለተኛው ይቀላል። ኮምፒውተሬ ላይ `Ctrl+H` ተጭኜ «ቁማ» የሚለውን በ«ቆማ»፣ «ሂዶ»ን በ«ሄዶ»፣ «ሁኖ»ን በ«ሆኖ» ሁሉንም በአንዴ እንዲተካ አዘዝኩት። ቡና ሳይበርድ አለቀ። ስህተት ያረምኩ መስሎኝ ነበር። ስህተት አልነበረም፤ የእናቱ አፍ ነበር።

ማሽን ደግሞ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ ቃል ውስጥ ያለ ቃል ይሁን ብቻውን የቆመ አይለይም። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሰጠመው ወንድም «ቁማርተኛ» ይባላል። «ቁማ» ወደ «ቆማ» ሲቀየር እሱም «ቆማርተኛ» ሆኖ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ታተመ። ስንት ሰው አንብቦ «ደራሲው ቁማር መጻፍ እንኳ አይችልም» ብሎ እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሙት ዓመቱ ስመለስ ልጁን ዋናውን ስጪኝ አልኳት። አሮጌው ኮምፒውተር ገና ይሠራል፤ እዚያው ከፍተን በራሱ ፊደል አተምነው። ወረቀቱን ሳየው የመጀመሪያው ድንጋጤ መጣ። ጽሑፉ ግድግዳ አልነበረም። «ዝም።» የምትለዋ ቃል ብቻዋን አንድ አንቀጽ ናት፤ ከላይዋም ከታችዋም ባዶ መስመር አለ። «ይመልሰዋል።» እንዲሁ። የዓረፍተ ነገሩ እጥረትና የወረቀቱ ነጭ ቦታ አብረው የተሠሩ ናቸው። ተለጥፎ የመጣልኝን ብቻ አይቼ ስለ እርምጃው የፈረድኩት ፍርድ ከመነሻው የተበላሸ ነበር።

እንደገና ልጻፈው አልኳት፤ ሁለተኛ እትም ከወጣ ይገባል። ፈቀደች። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ ምንም አልጻፍኩም። የመጨረሻዎቹን አራት ገጾች በእጄ፣ በእርሳስ፣ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ዓይን ይዘላል፤ እጅ አይዘልም። ሦስተኛው ገጽ ላይ እጄ ደጋግሞ «እና» ሊጽፍ ሲል እሱ ግን «ልጅቱና ውሻው» ብሎ አጣብቆ እንደሚጽፍ አየሁ። «ይሁን እንጂ»፣ «በመሆኑም»፣ «በተጨማሪም» አራቱም ገጽ ላይ የሉም፤ ስምንቱንም ምዕራፍ ፈልጌ አጣኋቸው። አንዱ ነገር ከሌላው ጋር የሚያያዘው ጎን ለጎን በመቀመጡ ነው። ከዚያ ደብተሩን ለሁለት ከፍዬ በግራ እሱ የሚለውን፣ በቀኝ እኔ የምለውን ጻፍኩ። ያያል፣ ይመለከታል። ይላል፣ በማለት ይናገራል። ልጅቱ፣ ልጅቷ። ዳር፣ የባሕር ዳርቻ። የግራው አብዛኛው ከቀኙ ያጥራል። ንጽጽር ሲያመጣም ከውኃ፣ ከዓሣ፣ ከገመድ ነው። ብር ትሪ የሚባል ነገር በዚያ ቤት የለም።

ይህን ሁሉ አውቄ የጻፍኩት ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ሁለት ሦስት ቃል፣ አራት ነጥብ፣ ሁለት ሦስት ቃል፣ አራት ነጥብ። ሽማግሌው ይቀመጣል። ሽማግሌው ይነሣል። ጭልፋ ያያል። ጭልፋውን ያስቀምጣል። ሁለት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ራሴን ሰው ሲኮርጅ የሚያስቅ ቀልደኛ ሆኜ አገኘሁት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም። ወደ ዋናው ተመልሼ ሳየው እሱ ሁልጊዜ አጭር አይጽፍም። አልፎ አልፎ አንድ ረጅም ይመጣል፤ የሚመጣውም በዘፈቀደ አይደለም። እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ታንኳው ሲሠራ ደንገሉን ቆርጦ፣ አስጥቶ፣ ገልብጦ፣ ነዶ ነዶውን አስሮ፣ ጎኑን አቅንቶ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቆልምሞ እያለ ሳይቆርጥ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል። እጅ ሲሠራ ዓረፍተ ነገሩም አይቆምም። ሰው ሲያስብ፣ ሲጠብቅ፣ ሲፈራ ይቆራረጣል። አማካዩን ይዤ ሄጄ የጠፋሁት ለዚህ ነው፤ ቁም ነገሩ ረጅሙ የት ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ሦስተኛው ሙከራ እንዲህ ይጀምራል፦

«ያያል።

ጠቁሯል። ዳር ዳሩ ብቻ ይነጣል።

‹ልሰረው?› ትለዋለች። ገመዱ ከእጁ ወድቋል።

‹ተይው።›

ታነሣዋለች። አትሰጠውም። ከጎኑ ታስቀምጠዋለች።

ሽማግሌው ተነሥቶ፣ እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ፣ እርጥቡን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ፣ ደረቁን በክንዱ ሰብስቦ፣ ልጅቱ ያስቀመጠችውን ገመድ ራሱ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ነዶውን ይጠፍራል።»

የእሱን ያህል ነው አልልም። ግን ሽማግሌው በሕይወት አለ፤ ነገ ሊሻገር ነው።

ፈተናው የመጣው ከጓደኛዬ ባለቤት ነው። ማንበብ ትችላለች፤ ዓይኗ ስለደከመ ግን ልጁ ታነብላታለች። ከዘጠነኛው መጀመሪያ አንሥተሽ አንብቢላት፣ የት ላይ እንደምጀምር አትንገሪያት አልኩ። እኔ በስልክ አዳምጣለሁ። «ውኃውን ያያል» አለፈ። «ተይው» አለፈ። ሁለት ገጽ አለፈ። ሦስተኛው ላይ «ሽማግሌው ፈገግ ይላል» የሚል ሲመጣ ሴትዮዋ «ቆይ» አለች። «ይኼ የሱ አይደለም። እሱ ፈገግ አይልም። ‹ጥርሱ ይታያል› ነው የሚል።» ልጁ ስምንቱን ምዕራፍ ገለጠች። አምስት ቦታ «ጥርሱ ይታያል»፤ «ፈገግ» የትም የለም። እኔ ደብተር ሙሉ ግስ ለቅሜ ይህቺን ስቼአታለሁ፤ እሷ በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ሰምታታለች። ከዚያ ወዲያ የቀረውን ሁሉ በእሷ ጆሮ አሳልፌ ነው ያጸደቅሁት። አራት ቦታ አስቆመችን፤ አራቱም ላይ እሷ ልክ ነበረች።

አንድ ቀን የምታውቀኝ የሙዚቃ መምህርት ይህን ስነግራት የፑቺኒን ነገር አነሣችልኝ። ፑቺኒ «ቱራንዶት» የተባለውን ኦፔራ ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1924 ሞተ፤ መጨረሻውን አልፋኖ የሚባል ሌላ ሙዚቀኛ ጻፈለት። በ1926 ሚላኖ ላ ስካላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ግን መሪው ቶስካኒኒ ፑቺኒ ያቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጨዋታውን አስቆመ። የዚያን ምሽት የአልፋኖ መጨረሻ አልተሰማም፤ በሌሎቹ ምሽቶች ነው የተጫወቱት። አልፋኖን ማንም አልሰደበም፤ ስፌቱ የት እንደሆነ ግን አዳራሹ ሁሉ አወቀ። እኔ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ይህን መንፈጌ ነው። መጽሐፉ ላይ ስሜ የለም። ቤተሰቡ ይግባ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ትሕትና መስሎኝ «አይ፣ ሥራው የእሱ ነው» ያልኩት። እንዲህ ብዬ የእኔን ብር ትሪ በእሱ ስም አሳለፍኩት። «ደራሲው መጨረሻ ላይ ደከመ» ብሎ የጻፈ ሰው አለ። የደከምኩት እኔ ነበርኩ።

ስምንቱን ምዕራፎች ከአሮጌው ኮምፒውተር እንደገና አውጥተን «ቁማ»ውም፣ «ሂዶ»ውም፣ «ሁኖ»ውም ወደ ቦታው ተመልሷል። «ቁማርተኛ»ው ወንድምም ከነቁማሩ ተመልሷል። ሁለተኛው እትም ግን አንደኛው ሳያልቅ አይወጣም፤ አንደኛው አንድ ሺህ ቅጂ ነው፣ ግማሹም ገና መጋዘን ነው። ቤተሰቡ ስለለመነኝ የመጽሐፉን ስም እዚህ አልጻፍኩም። ታንኳውንና ሽማግሌውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከእጃችሁ ካለ ገጽ 161ን ግለጡ። ከላይ አራተኛው መስመር ላይ «ውኃውን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በእርሳስ አንድ ሰረዝ አስምሩ። ከዚያ እስከ ገጽ 174 ያለው የእኔ ነው።